«አልሰጥሽም አለችኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ እንዴት ትመልሱታላችሁ?

ትርጉም_ቤት (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ውክልና ነው። እሱ አያስቸግርም፣ ቅጹ የታወቀ ነው። አሁን ግን አንዲት ልጅ ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ፣ በራሷ እጅ የጻፈችውን አቤቱታ አመጣችልኝ። ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ወደ ውጭ የሚላክ ነው። ማዳም የምትላት አሠሪዋን ነው፣ ባባ የምትለው ደግሞ የማዳሟን ባል ነው። እሷን አስፈቅጄ፣ ስምና ቦታ አውጥቼ ዋናውን ክፍል ልጻፍላችሁ፦

«ማዳም ደሞዜን ሳትሰጠኝ ብዙ ወር ቆየች። ስጠይቃት አልሰጥሽም አለችኝ። ቤተሰቤ ጋ አታስደውለኝም ነበር። ዶክመንቴን እስካሁን አልመለሰችልኝም። ባባ ያውቃሉ፣ ግን ምንም አላሏትም። ካልከፈለችኝ አልሠራም ስላት በሩን ቆለፈችብኝ። ማንም አልረዳኝም።»

አማርኛው ምንም አይጎድለውም። አንብቤው ሆዴ ተላወሰ። እንግሊዝኛው ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዱ ቃል ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። «አልሰጥሽም አለችኝ»ን ቀጥታ ብመልሰው «ሺ ሰይድ አይ ዊል ኖት ጊቭ ዩ» ይሆናል። ማነው «አይ»? ማነው «ዩ»? የሚያነበው ፈረንጅ ልጅቷ ራሷ ናት የከለከለችው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

እንግሊዝኛውንም በፊደል ነው የምጽፈው፣ ኪቦርድ መቀያየር ሰልችቶኛል።

የጦሳ_ልጅ

ይሄ ቀላል ነው እህቴ፣ አታካብጂው። ቃሉን ቆራርጪው። ፊት ላይ ያለው «አል» ማለት «ኖት» ነው። መሐል ያለው ግሱ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው «ኝ»፣ «ሽ»፣ «ት» ተቀባዩ ነው። «ም»ን ጣያት፣ ጌጥ ናት። «አል» ካለ ያለፈ ነው፣ «ዲድ ኖት» በይ። «አይ» ወይ «አት» ካለ ያላለፈ ነው፣ «ዳዝ ኖት» በይ። በቃ።

ትርጉም_ቤት

ታዲያ በዚህ ሕግ «አልሰጥሽም» «ዲድ ኖት ጊቭ ዩ» ሊሆን ነው? ማዳሟ እኮ «ወደፊትም አልሰጥም» ነው ያለቻት። ያለፈ ነገር የለውም።

የጦሳ_ልጅ

እሱ ለየት ያለ ይሆናላ። አንዱ ቢያመልጥ ምን አለ፣ ሌላው ላይ ይሠራል።

ጋሽ_መምህር

አያመልጥም ልጄ፣ ሕጉ ነው የጎደለው። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹን ልሙላልህ።

ባለፈ ነገር ላይ «አል» ለሁሉም ሰው ይገባል። አልሰጠሁም፣ አልሰጠችም፣ አልሰጡም። ይህ ያልከው ነው። ባላለፈ ነገር ላይ ግን ሰዎቹ ይለያያሉ። ይሰጣል ሲፈርስ አይሰጥም ይሆናል። ትሰጣለች አትሰጥም። እንሰጣለን አንሰጥም። እሰጣለሁ ሲፈርስ ደግሞ አልሰጥም ይሆናል። «እኔ»ን የሚያመለክተው «እ» በ«አል» ተውጦ ቀረ። ስለዚህ «አል» ሁለት ቤት አላት፤ አንደኛው ያለፈ ነገር ነው፣ ሁለተኛው ያላለፈ ነገር ሆኖ አድራጊው «እኔ» ሲሆን ነው።

እንግዲህ እንዴት ትለያለህ? የግሱን ፊደል ተመልከት። «አልሰጥሽም» ላይ «ጥ» ሳድስ ነው፣ እኔ ለአንቺ አልሰጥም ማለት ነው። «አልሰጠሽም» ላይ «ጠ» ግዕዝ ነው፣ እሱ ለአንቺ አልሰጠም ማለት ነው። በአንድ ፊደል አድራጊውም ጊዜውም ተለወጠ። «አልከፍልሽም» እና «አልከፈለሽም»ም እንደዚያው ናቸው። በእጅ የተጻፈ ነገር ስትተይቢ እዚህ ላይ ዓይንሽን ክፈቺ የኔ ልጅ፣ የ«ጠ» እና የ«ጥ» ልዩነት ጎኗ ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት፤ እስክሪብቶው ከደከመ አትታይም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ይቅርታ ላቋርጥዎት። «አልመጣም» ላይስ? ፊደሉ አንድ ነው እኮ። «ትናንት አልመጣም» ብል እሱ ነው፣ «ነገ አልመጣም» ብል እኔ ነኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነኝ፣ ከውጭ የመጡ ቴክኒሻኖች ሲኖሩ እያስተረጎምኩ። አንዴ ከፈረቃ መዝገብ ላይ «አልመጣም» የሚል አንብቤ ሠራተኛው ራሱ «አልመጣም፣ ቀርቻለሁ» ብሎ የጻፈው ይሁን፣ ተቆጣጣሪው «ልጁ አልመጣም» ብሎ የጻፈው ይሁን መለየት አቃተኝ። ፈረንጁ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ጋሽ_መምህር

ጥሩ አመጣህ። እዚያ ላይ የኔ የፊደል ምርመራ አይሠራም። በአፍ ስንናገር ይለያል፤ ያለፈው ላይ «ጣ» ይጠብቃል፣ ያላለፈው ላይ ይላላል። ፊደላችን ግን ጥብቀትን አይጽፍም። መጣ፣ በላ፣ ሰማ፣ ሠራ የመሳሰሉት በ«አ» ድምፅ የሚያልቁ ብዙ ግሶች እንዲህ ናቸው። «አልበላም» ብለህ ጽፈህ ብትሄድ፣ እኔ አልበላም ይሁን እሱ አልበላም ይሁን በዙሪያው ካለው ቃል ውጭ አይታወቅም።

የዚችም ልጅ ደብዳቤ ውስጥ አንድ አለ፣ «አልሠራም ስላት» የሚለው። «ስላት» የሚለው ተናጋሪዋ ራሷ መሆኗን ስለሚነግረን ነው «እኔ» ብለን የምናነበው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

«ሠራ»ንስ አያንሱብኝ ጋሼ! የኔን ዕድሜ የበላው «አይሠራም» ነው። «ማሽኑ አይሠራም» ሲሉኝ ተበላሽቷል ማለት ነው። «ይሄ ዕቃ በዚህ ማሽን አይሠራም» ሲሉኝ ደግሞ ማሽኑ ደህና ነው፣ ዕቃው ነው በሱ የማይወጣው። በጽሑፍ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን «ዳዝ ኖት ወርክ» እለዋለሁ፣ ሁለተኛውን «ካንት ቢ ሜድ»። አንዴ ተምታቶብኝ ሰውዬው ደህናውን ማሽን ሊፈታ መፍቻ ይዞ መጣ።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

አሰላሙ ዓለይኩም። ልጅቱ ደሞዟን እንድታገኝ ነው አይደል ጥያቄው? አብሽሪ በሏት። እኔም ጅዳ ነበርኩ፣ የኔዋም እንዲሁ አድርጋኝ ነበር፣ ወላሂ ስንቱን ልንገራችሁ። ኮንትራቷ በእጇ ካለ ኮፒውን ታያይዘው። የተላከላት ገንዘብ ደረሰኝ ካለም ታውጣ። ስንት ወር እንደሆነ ደግሞ በቁጥር ትጻፍ፣ «ብዙ ወር» ምን ይባላል።

ትርጉም_ቤት

ወዓለይኩም ሰላም እትዬ። ጥያቄዬ ስለ ትርጉሙ ነበር፣ ግን የወሩን ነገር በደንብ አነሱት። እጠይቃታለሁ። የሷን ቃል እኔ አልጨምርባትም፣ ራሷ ትጨምር።

ጋሽ መምህር፣ ታዲያ «አልሰጥሽም አለችኝ»ን ምን እንበለው?

ጋሽ_መምህር

መጀመሪያ ሰዎቹን ቁጠሪ። «አልሰጥሽም» ውስጥ «እኔ» ማዳሟ ናት፣ «አንቺ» ልጅቷ ናት። «አለችኝ» ውስጥ ደግሞ «እሷ» ማዳሟ ናት፣ «እኔ» ልጅቷ ናት። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ግን ቦታ ተለዋወጡ። አማርኛ የሰውን ንግግር ሲያወራ እንዳለ ከነ«እኔ»ው ነው የሚያስቀምጠው። እንግሊዝኛ ያለ ጥቅስ ምልክት ይህን አይችልም። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ልጅቷ ዓይን አዙሪው፤ የማዳሟ «እኔ» «እሷ» ይሁን፣ «አንቺ» «እኔ» ይሁን። «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ዉድ ኖት ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ይሆናል።

«ኢት» የምትለዋን አስተውለሻል? አማርኛው ውስጥ የለችም። አንድ ግስ ለተቀባይ ያለው አንድ ወንበር ነው። «ሽ» ተቀመጠችበት፣ ደሞዙ ቦታ አጣ። እኛ ከፊተኛው ዓረፍተ ነገር እናመጣዋለን። እንግሊዝኛ ግን «ጊቭ» ብሎ የሚሰጠውን ነገር ካልነገርከው ጎደሎ ይሆንበታል። የጦሳ ልጅ፣ ቆራርጪው ያልከው እዚህ ላይ ነው የሚያጎድለው፤ ሁሉም ነገር በቃሉ ውስጥ የለም።

ባጭሩ ካሰኘሽ ግን «ሺ ሪፊውዝድ ቱ ፔይ ሚ» ይበቃል። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

ችሎት_ተርጓሚ

እዚህ ላይ ከጋሽ መምህር ጋር አልስማማም። አቤቱታ ነው፤ ልብ ወለድ አይደለም። «ሪፊውዝድ» ካልሽ የልጅቷን ቃል ትተሽ የራስሽን ፍርድ ጻፍሽ። ልጅቷ የመሰከረችው ንግግር ነው። ጥቅስ ምልክት አድርጊና እንዳለ መልሺው፦ ሺ ሰይድ ቱ ሚ፣ «አይ ዊል ኖት ጊቭ ኢት ቱ ዩ»። ጥቅሱ ካለ ማን «አይ»፣ ማን «ዩ» እንደሆነ አይምታታም። እኔ ችሎት ላይ የማደርገው ይህን ነው።

ጋሽ_መምህር

ማዳሟ እኮ አማርኛ አትናገርም ወንድሜ! በዓረብኛ ያለችውን ልጅቷ በአማርኛ ጻፈችው፣ እኛ ወደ እንግሊዝኛ ልንመልሰው ነው። ሦስተኛ እጅ ላይ የደረሰ ቃል በጥቅስ ምልክት ሲታጠር፣ አንባቢው ቃል በቃል የተባለ ይመስለዋል።

ደግሞም እኛ «አለ»ን አፍ ለሌለው ነገር ሁሉ እንጠቀማለን። በሩ አልከፈት አለኝ። መኪናው አልነሳ አለ። እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። በሩ ተናገረ ብለህ ልትጠቅስ ነው?

ችሎት_ተርጓሚ

በሩን አልጠቅስም። ግን እርስዎ ራስዎ የጻፉትን ይመልከቱ። «አልከፈት አለኝ» ነው ያሉት፣ «አልከፈትም አለኝ» አላሉም። «ም» የለችበትም።

ልዩነቱ ይኸው ነው። «አልሰጥ አለችኝ» ቢሆን ኖሮ እስማማለሁ፤ እምቢ አለች፣ አልሆነላትም፣ «ሺ ዉድ ኖት ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ነው። ምንም ላትናገር ትችላለች። እዚያ ላይ «ም»ም የለም፣ «ሽ»ም የለችም። ይህች ልጅ ግን «አልሰጥሽም» ብላ ነው የጻፈችው፣ «ሽ»ም «ም»ም አሉበት። ይህ ከአፍ የወጣ ሙሉ ንግግር ነው። «ልጄ አልሰማ አለኝ» እና «ልጄ አልሰማም አለኝ» አንድ ናቸው? የመጀመሪያው ያስቸግረኛል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደፍሮ መለሰልኝ ማለት ነው፣ ወይም ድምፁ አይደርሰኝም ብሎኛል።

የጦሳ_ልጅ

ኧረ «ም» ጌጥ አይደለችም ማለት ነዋ 😂

ጋሽ_መምህር

አይደለችም። የችሎቱ ሰው ያለው እውነት ነው፣ «ም» ካለች ዓረፍተ ነገሩ በራሱ ቆሟል ማለት ነው። ጥገኛ ሲሆን ትወድቃለች። ይህን ከደብዳቤው ልታየው ትችላለህ። «ካልከፈለችኝ አልሠራም» ሲል ሁለቱም አፍራሽ ናቸው፣ ግን «ም» ያለው ሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። የመጀመሪያው በ«ከ» ተይዟል።

ትእዛዝም ላይ «ም» የለም። «አትንገረኝ» ካልኩህ ዝም በል ነው። «አትነግረኝም» ካልኩህ ደግሞ እንደማትነግረኝ አውቃለሁ ማለት ነው። ፈረንጁ በመጀመሪያው «ዶንት ቴል ሚ» ይላል፣ በሁለተኛው «ዩ ዎንት ቴል ሚ»።

የጥቅሱ ነገር ላይ ግን አሁንም ዓረብኛው አለ። እዚያ ላይ አልለቅህም።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ «አትነግረኝም» «እሷ አትነግረኝም»ም ይሆናል እኮ።

ጋሽ_መምህር

ይሆናል። ሳይፈርስ በፊት ትነግረኛለህ፣ ትነግረኛለች ተብሎ በጅራቱ ይለያል። ሲፈርስ ጅራቱ ተቆርጦ በምትኩ «ም» ይገባል። ያኔ አንተና እሷ በአንድ ቃል ትቀራላችሁ። «አትነግሪኝም» ብቻ ነው የሚተርፈው፣ በ«ሪ»ዋ። የዚች ልጅ «አታስደውለኝም ነበር»ም እንዲሁ ነው፤ ብቻውን ቢሆን «አንተ» ሊሆን ይችል ነበር። «ማዳም» ከላይ ስላለች ነው እሷ ያልነው። «ሳትሰጠኝ»ም እንደዚሁ።

ስለዚህ ሲተረጎም ስም አንድ ጊዜ ቀድሞ ይጠራ። እንግሊዝኛው «ሺ» ካለ በኋላ ማን እንደሆነች እንዳይጠፋ፣ አንቀጹ መጀመሪያ ላይ «ማይ ኢምፕሎየር» ይባልና ከዚያ በኋላ «ሺ» ይቀጥላል።

የጦሳ_ልጅ

እሺ «አታስደውለኝም»ን ልሞክር። «አስ» ማድረግ ነው፣ «ሜክ»። «ሺ ዲድ ኖት ሜክ ሚ ኮል»።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ምን ማለት ነው እሱ?

ትርጉም_ቤት

እትዬ፣ «በግድ ደውዪ አላለችኝም» እንደማለት ነው 😅 የጦሳ ልጅ ማዳሟን ደግ አደረጋት።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ወይ ጉድ! እኛ እኮ መደወል ነው የከለከሉን። ስልኩን ወስዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበር የምትቆልፈው።

ችሎት_ተርጓሚ

«አስ» ላይ አፍራሽ ሲመጣ ቆም ብሎ መጠየቅ ነው፤ ሰውየው ነገሩን ፈልጎት ነበር ወይ? ፈልጎት ከነበረ «ሌት» ነው። «ጉንፋኑ አላሠራኝም»፣ «የውሻው ጩኸት አላስተኛኝም» ስንል መሥራትም መተኛትም ፈልገን ነበር። እንግሊዝኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ አፍራሹን ትቶ «ኬፕት ሚ ፍሮም ስሊፒንግ» ይላል። ሳይፈልግ የቀረለት ነገር ከሆነ ግን «ሜክ» ነው። «ሳህኑን አላሳጠበችኝም» ብትል እፎይ ያለች ነው የሚመስለው፣ ሥራውን አላዘዘቻትም።

«ነበር» ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አለመሆኑን ነው የሚነግረን። «ሺ ዉድ ኖት ሌት ሚ ኮል ማይ ፋሚሊ»። «ዲድ ኖት ሌት» ካልን የአንድ ቀን ነገር ሊመስል ይችላል።

ትርጉም_ቤት

ይሄ ጠቀመኝ። «እስካሁን አልመለሰችልኝም»ንስ? «ዲድ ኖት ሪተርን» ብዬ ነበር።

ጋሽ_መምህር

«ሃዝ ኖት ሪተርንድ ኢት ቱ ሚ» ይሻላል፣ «እስካሁን» ስላለ። እኛ «መለሰችልኝ» እና «መልሳልኛለች» ብለን ሁለቱን እንለያለን። ሲፈርሱ ግን ሁለቱም «አልመለሰችልኝም» ይሆናሉ። እንግሊዝኛ ሲፈርስም ይለያል፣ «ዲድ ኖት» እና «ሃዝ ኖት»። «ገና»፣ «እስካሁን» ካየሽ ሁለተኛውን ያዢ። ካላየሽ፣ ነገሩ ዛሬም እንደተንጠለጠለ መሆኑን ጠይቂ። ለአቤቱታ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ዶክመንቱ አሁንም እሷ ጋ አለ ማለት ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

«ቆለፈችብኝ» ላይ ያለችው «ብ»ስ? «ኦን ሚ» ትባላለች?

ጋሽ_መምህር

«ል» የሚጠቅም፣ «ብ» የሚጎዳ ነው። ፈረደልኝ፣ ፈረደብኝ። ዘፈነልኝ፣ ዘነበብኝ። «ብኝ» ካለች ጉዳቱ የኔ ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ቋሚ ቃል የለውም፣ እንደ ነገሩ ነው የሚያወጣው። እዚህ «ሎክድ ሚ ኢን» ብትይ ጉዳቱም ይገባል፣ አንባቢውም አይደናገርም።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

አዎ ውስጥ አድርገው ነው የሚቆልፉብን፣ እኔንም እንደዚያ ነው ያደረገችኝ። እሷ ስትወጣ ቁልፉን ይዛ ትሄዳለች።

ችሎት_ተርጓሚ

ቆይ፣ ቆይ። «ቆለፈችብኝ» ውስጥ «ውስጥ» የሚል ቃል የለም። «ብኝ» ጉዳቱን ነው የነገረን፣ ልጅቷ የበሩ የትኛው ጎን እንደነበረች አልነገረንም። «ሎክድ ሚ ኢን» እና «ሎክድ ሚ አውት» ሁለት የተለያዩ ክሶች ናቸው። ጠይቂያት።

ትርጉም_ቤት

ትናንት የጻፋችሁትን ይዤ ደወልኩላት። ብዙዎቻችን ውስጥ የተቆለፈባት መስሎን ነበር። «ኧረ እኔ ውጭ ደረጃ ላይ ነው ያደርኩት» አለችኝ። ስለዚህ «ሎክድ ሚ አውት» ነው። የወሩንም ቁጥር ነገረችኝ፣ ጨመርኩት፤ እትዬ እሙ ሐናን፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

«ባባ ያውቃሉ፣ ምንም አላሏትም» የሚለውንም ጠየቅኳት። እኔ «ዴይ» ብዬ ባልና ቤተሰቡ ብዬው ነበር። እሷ ግን አንድ ሰውዬ ነው፣ በአክብሮት ነው የጻፍኩት አለችኝ። ስለዚህ «ሂ ኖውስ፣ በት ሂ ሰይድ ናቲንግ ቱ ኸር»።

የጦሳ_ልጅ

የበደላት ቤት ሰውዬ አንቱ ተባለ? የኛ ሰው ደግሞ!

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ሽማግሌ ሰው ልትሰድብ ነው እንዴ? እኔም የኔዋን ባል አንቱ ነበር የምለው። በሱ ላይ ምንም አልነበረኝም።

ችሎት_ተርጓሚ

እንግሊዝኛው አንቱታውን አይሸከምም፣ ይለፈው። ዋናው አንድ ሰው መሆኑ ነው። ምስክር ተብሎ ከተፈለገ ስንት ሰው እንደሚጠራ ይለወጣል።

ስለ መጨረሻዋም አንድ ነገር፣ «ማንም አልረዳኝም»። ሁለት አፍራሽ እንዳትጽፊ። አማርኛው «ማንም» ካለ በኋላ ግሱን ማፍረስ ግዴታው ነው። እንግሊዝኛው «ኖባዲ» ካለ ግሱ ቀና ነው የሚሆነው፣ «ኖባዲ ሄልፕድ ሚ»። «ኖባዲ ዲድንት ሄልፕ ሚ» ካልሽ ሁሉም ረዳኝ ሊሆንብሽ ይችላል።

ትርጉም_ቤት

እሺ፣ የደረስኩበትን ልለጥፍ። እረሙልኝ፦

«ማይ ኢምፕሎየር ዌንት ሴቨራል ማንትስ ዊዝአውት ፔይንግ ማይ ሳላሪ። ዌን አይ አስክድ ኸር፣ ሺ ቶልድ ሚ ሺ ዉድ ኖት ጊቭ ኢት ቱ ሚ። ሺ ዉድ ኖት ሌት ሚ ኮል ማይ ፋሚሊ። ሺ ስቲል ሃዝ ኖት ሪተርንድ ማይ ዶክዩመንት ቱ ሚ። ኸር ሃዝባንድ ኖውስ፣ በት ሂ ሰይድ ናቲንግ ቱ ኸር። ዌን አይ ሰይድ አይ ዉድ ኖት ወርክ አንለስ ሺ ፔይድ ሚ፣ ሺ ሎክድ ሚ አውት። ኖባዲ ሄልፕድ ሚ።»

«ሴቨራል» ባለበት ቦታ ቁጥሩ ይገባል፣ እዚህ አልጻፍኩትም።

ጋሽ_መምህር

ጥሩ ነው። «አንለስ»ን ማድረግሽ ደስ ብሎኛል። «ካልከፈለችኝ» መልኩ ያለፈ ይመስላል፣ ነገሩ ግን ገና የሚሆን ነው። «ኢፍ ሺ ዲድ ኖት ፔይ» ብትይም አያስከፋም፤ ብቻ «ቢኮዝ ሺ ዲድ ኖት» እንዳትይው። እሱ «ስላልከፈለችኝ» ነው።

ችሎት_ተርጓሚ

እኔ አሁንም «ሺ ቶልድ ሚ ሺ ዉድ ኖት» የሚለውን በጥቅስ እለውጠው ነበር። ነገ ጠበቃ «በትክክል ምን አለችሽ?» ሲላት፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ከአፏ ከሚወጣው ጋር መግጠም አለበት።

ጋሽ_መምህር

በዓረብኛ ትንገራቸዋ! እዚያም አስተርጓሚ አለ።

ትርጉም_ቤት

ጥቅሱን ለሷ እተወዋለሁ። ነገ ስትመጣ ሁለቱንም አሳያታለሁ፣ የፈለገችውን ትምረጥ።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ልጄ ትርጉም ቤት፣ የኔንም ደብዳቤ ላምጣልሽ? ኤጀንሲ ለሚሉት ሰዎች የጻፍኩት ነው። እዚያ ላይ «ደላላው ብር አለኝ» የሚል ጽፌ ነበር፣ አንድ ልጅ ሲተረጉምልኝ «ዘ ብሮከር ሃዝ መኒ» ብሎ አወጣው። እኔ እኮ ብር አምጪ አለኝ ለማለት ነው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ «አለኝ» ሁለቱንም ነው፤ ነገረኝም ነው፣ በእጄ ይገኛልም ነው። ያፍርሱትና ይዩት። «አላለኝም» ከሆነ ንግግር ነው፣ «የለኝም» ከሆነ ንብረት ነው።

እሙ_ሐናን (ደሴ፣ ሸዋበር)

ብሩ እንኳ የለኝም፣ ወላሂ። ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ፣ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው?

ትርጉም_ቤት

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እከፍታለሁ እትዬ። ደብዳቤውን ዋናውን ይዘው ይምጡ፣ ኮፒው ላይ ፊደሉ አይለይም።